በርበሬው ነው፣ እሳቱ ነው ወይስ ቅባቱ?

ቡሬ የበርበሬ አገር ናት። ክረምቱ ወጥቶ ማሳው መቅላት ሲጀምር ከቡሬ ዙሪያና ከጃቢ ጠህናን የሚመጣው ዛላ በየግቢው ይሰጣል፤ ይቀነጠሳል፣ ይታመሳል፣ ይወቀጣል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዚያ ወራት ብናኙ ከጓሮ አልፎ መንገድ ላይ ያለውን ያስነጥሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ጉንጩና አፍንጫው ቶሎ ቶሎ የሚግል፣ ማታ ማታ ፊቱ የሚነድበት ሰው መጀመሪያ የሚያማው በርበሬን ነው። ሐሜቱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምንነጋገርበት ሕመም በሕክምና ስሙ ሮዛሺያ ይባላል። የፊትን መካከል ይይዛል፤ ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ አገጭንና ግንባርን። መጀመሪያ ፊት በትንሽ ነገር ይግልና ይመለሳል። ውሎ አድሮ ግለቱ መመለሱን ይተውና ቅላቱ እዚያው ይቀመጣል። አንዳንዱ ሰው ላይ ብጉር የሚመስሉ እብጠቶች ይወጣሉ፤ የተለመደው ብጉር የሚያሳያቸው ጥቋቁር ነጥቦች ግን አይታዩባቸውም። ቆዳው ሳሙና ሲነካው ይቆጠቁጣል። ዓይን ላይ አሸዋ የገባ የሚመስል ቁርቁርታ የሚሰማቸውም አሉ። በአማራ ክልል ትራኮማ ሥር የሰደደ በመሆኑ የሚቆረቁር ቀይ ዓይን ሁሉ ትራኮማ ተብሎ ይታለፋል። ፊቱም ዓይኑም አብረው የሚነዱበት ሰው ግን ለዓይን ሐኪሙ ስለ ፊቱ ጭምር ቢነግር ጥሩ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ሕመም ሲያዩት የኖሩት በንቀት ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ጊ ደ ሾልያክ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም የፊትን ቅላት ጽፎ አቆይቷል። በ1490 ገደማ ጊርላንዳዮ የሣለው፣ አፍንጫው ያበጠና የተጎረበጠ ሽማግሌ ዛሬም ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ተሰቅሏል። ለብዙ መቶ ዓመታት ቀይ አፍንጫ ያለው ሰው ጠጪ ነው ተብሎ ይፈረድበት ነበር፤ ወይን ቀምሶ የማያውቀው ሳይቀር። በኋላ ደግሞ «የነጮች በሽታ ነው» የሚል ሌላ ፍርድ መጣ። የዓለም ግምት ከመቶ ሰው አምስት ያህሉን ይይዛል ይላል፤ የአሜሪካ ክሊኒኮች መዝገብ ውስጥ ግን ከታማሚዎቹ ጥቁሮቹ ከመቶ ሁለት ገደማ ብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት ሁሉ ከቆዳ የመጣ አይመስለኝም። የሐኪም መማሪያ ሥዕሎች ከነጭ ፊት የተወሰዱ ናቸው። ጠይም ፊት ላይ ቅላቱ እንደ ቲማቲም አይቀላም፤ ወደ መዳብ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ወይም ፊቱ እንዲያው የጠቆረ ይመስላል። በቀይ ዳማ ፊት ላይ በመጠኑ ይታያል። ጠቆር ባለ ፊት ላይ ግን ከማየት ይልቅ ታማሚውን መጠየቅ ይበልጣል፤ «ይነዳል ወይ? ይቆጠቁጣል ወይ?» ብሎ። በእጅ ጀርባም ጉንጭን ከአንገት ጋር እያነጻጸሩ ሙቀቱን መለካት ይቻላል። ንጹሕ ብርጭቆ ጉንጭ ላይ ጫን ሲደረግ ቅላቱ ከጠፋና ሲነሳ ከተመለሰ፣ የቀላው በሰፉ የደም ሥሮች ምክንያት ነው ማለት ነው። ማዲያት ግን በብርጭቆ ቢጫኑት አይጠፋም።

ወደ በርበሬው እንመለስ። በርበሬ ራሱ ለጎጃም እንግዳ ነበር። ተክሉ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ከ1492 በፊት ከውቅያኖስ ወዲህ ማንም አያውቀውም ነበር። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት የነበረ የጎጃም ገበሬ የሚበላው ወጥ የሚያቃጥል ከሆነ በዝንጅብል ወይም በጢምዝ ነበር እንጂ በዛላ አልነበረም። ዛሬ ያለ በርበሬ የጎጃምን ማዕድ ማሰብ ያስቸግራል። ታዲያ በርበሬ ፊትን ለምን ያግላል? መልሱ የተገኘው ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ካፕሳይሲን የተባለው የበርበሬ ማቃጠያ ሰውነት ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ለየ። ቦታው በነርቭ ጫፍ ላይ ያለ በር ነው። የሚገርመው ይኸው በር ያለ በርበሬም ይከፈታል፤ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲያገኘው። ግኝቱ ጁሊየስን በ2021 የኖቤል ተሸላሚ አድርጎታል።

ለእኛ ጉዳይ ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለሰውነት በርበሬና እሳት አንድ ዓይነት መልእክት ናቸው፤ ሁለቱም «ተቃጥለሃል» ይሉታል፣ እሱም የደም ሥሮቹን አስፍቶ ሙቀቱን ሊያስወጣ ይሞክራል። የሮዛሺያ ቆዳ ላይ ይህ በር ይበዛል፣ ቶሎም ይከፈታል። በዚያ ላይ በርበሬ ሲኖር በሩ የሚከፈትበት የሙቀት ልክ ይወርዳል። ስለዚህ እየተንተከተከ ከድስቱ የወጣ ሽሮ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዴ በሙቀቱ፣ አንዴ በቅመሙ። ያው ሽሮ ለብ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። «በርበሬ አይስማማኝም» ብለው አልጫ ብቻ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ከነሱ መካከል ስንቱ ወጡን አቀዝቅዞ ሞክሮት ያውቃል? ምናልባት በርበሬውን መተው አያስፈልገውም ነበር።

የቡና ታሪክ ይህንኑ ይበልጥ ያጠራዋል። ደገኛው ክርስቲያን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ግን ቀስ በቀስ ቤቱ ገባ። ዛሬ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል የሚውል ሰፈር ጥቂት ነው። የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ደግሞ ፊቱ የሚግል ሰው ቡና እንዲተው ለረጅም ጊዜ ሲመክሩ ኖረዋል። በ1981 ጆን ዊልኪን የተባለ የቆዳ ሐኪም ምክሩን ፈተነው። ፊታቸው ለሚግል ታማሚዎች በየተራ 60 ዲግሪ የሞቀ ቡና፣ 22 ዲግሪ የቀዘቀዘ ቡና፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ተራ ውኃ፣ እንዲሁም ካፌይን ብቻውን ሰጣቸው። ፊታቸውን ያጋለው ትኩሱ ቡናና ትኩሱ ውኃ ነው። ቀዝቃዛው ቡናም ሆነ ካፌይኑ ምንም አላደረጉም። በ2018 ከ80 ሺህ በላይ የአሜሪካ ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ፤ ብዙ ቡና የሚጠጡት ሴቶች በሮዛሺያ የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያትን አያረጋግጥም። ለዘመናት የተፈረደበት ቡናው ሳይሆን ትኩሳቱ እንደነበር ግን ያሳያል።

የዊልኪን ሙከራ ያልያዘው የእኛ አገር ነገር ደግሞ አለ። አሜሪካዊው ቡናውን ከማሽን ቀድቶ ይጠጣል። እዚህ ግን ቡና የምታፈላው ሴት ከሰሉ ፊት ቁጭ ብላ ትቆላለች፣ ጢሱን ለቤተኛው ታዞራለች፣ ጀበናውን ትጥዳለች፣ ዕጣን ታጨሳለች። ሦስተኛው እስኪቀዳ ከአንድ ሰዓት በላይ ጉንጯ ለፍም ተጋልጦ ይቆያል። ሲኒዋን ገና ሳትነካ ፊቷ ቀልቷል። ጎረቤቷ ግን ከዚያው ጀበና ጠጥታ ምንም ሳትሆን ልትሄድ ትችላለች። እንጀራ ጋገራም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ የሚጋግር ሰው የነበልባሉ ወላፈን ፊቱ ላይ ያርፋል። እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋው ምርጥ ምድጃ የተሠራው ማገዶ ለመቆጠብ ነው፤ ወላፈኑን መቀነሱ ግን ለእንዲህ ያለ ፊት ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ማጋያ ፀሐይ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ትገኛለች። ቆዳን የሚጎዳው የማይታየው ጨረር አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ አሥር ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚርቁ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታቸው ላይ ቀጥ ትላለች፤ ሚያዝያ አሥርና ነሐሴ ሃያ አካባቢ። ነሐሴን ደመናው ይሸፍነዋል። ሚያዝያን ግን የሚሸፍነው የለም።

አሁን አቆጣጠሩን ከጾሙ ጋር አስተያዩት። ዐቢይ ጾም የሚውለው ፀሐይዋ እየበረታች በምትሄድበት ወቅት ነው። አንድ ሰው በጾሙ መካከል ፊቱ ቢብስበት ሽሮውን ያማል፤ ቅቤ መተዉንም ያማል። ትንሣኤ ሲደርስ ደግሞ ዶሮ ወጡ፣ ጠላው፣ አረቄው፣ የእንግዳው ብዛትና የጓዳው እሳት በአንድ ቀን ይመጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ፊቱን ያጋለው የቱ ነው? በግምት የሚለየው የለም። ሰው ማስታወስ የሚቀናው ደግሞ የበላውን ነው፤ የቆመበትን ፀሐይ ወይም የተቀመጠበትን ፍም አያስታውስም። ማስታወሻ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ማስታወሻው ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ሮዛሺያ ያልሆነውን ሮዛሺያ ነው ብሎ መከታተል እንዳይመጣ አንድ ነገር መታየት አለበት። የገጠሩ ሰው በፀሐይ ውሎ ፊቱ የነደደበትን «ምች መታው» ይለውና ዳማ ከሴ አሽቶ ይቀባዋል። ዳማ ከሴ ጠረኑ ኃይለኛ የሆነ ዘይት ያለው ቅጠል ነው፤ በቆሰለ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ስለዚህ እንዲህ ላለው ፊት አይመከርም። የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ደግሞ ያደገው ከሥጋ ደዌ ጋር ነው። አለርት በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሲቋቋም ዋና ሥራው እሱ ነበር፤ ከአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞችም ብዙዎቹ የሠለጠኑት እዚያው ነው። ከዚያ ትምህርት የወጣ ጤና ባለሙያ ፊት ላይ የቀላ ምልክት ሲያይ መጀመሪያ በጥጥ ጫፍ ይነካዋል። ሥጋ ደዌ የያዘው ቦታ ብዙ ጊዜ ይደነዝዛል። የሮዛሺያ ፊት በተቃራኒው ጥጡ ራሱ ይቆጠቁጠዋል። እንግዲህ የማይሰማ ምልክት ያለበት ሰው ቅባት መምረጡን ትቶ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለወራት የማይድንና እየሰፋ የሚሄድ አንድ ቁስል ወይም እብጠት ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቅላቱ ከመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከትኩሳት ወይም ከፀጉር መነቃቀል ጋር የመጣ እንደሆነም ሐኪም ሉፐስን ማጣራት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቅባቱ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ1952 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን የመጀመሪያውን የስቴሮይድ ቅባት ለቆዳ ሕክምና አዋሉ። ተአምር ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከሱ ብዙ እጥፍ የሚበረቱ ቅባቶች ተከተሉ። ወዲያው ሐኪሞች እንግዳ ነገር ማየት ጀመሩ፤ ለትንሽ ቅላት ብርቱ ቅባት የተቀቡ ሰዎች ቅባቱን ሲተዉ ፊታቸው ከመጀመሪያው የከፋ ሆኖ ይፈነዳል። በ1974 ሌይደንና ክሊግማን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የስቴሮይድ ሮዛሺያ በሚል ስም ጻፉት። አሠራሩ ቀላል ነው። ስቴሮይዱ የደም ሥሮቹን ያጠባል፤ ፊቱ ይነጣል፣ ይረጋል፣ ይጠራል። በሳምንታት ውስጥ ግን ቆዳው እየሳሳ የራሱን መከላከያ ያጣል። ቅባቱ በተቋረጠ በጥቂት ቀናት ሥሮቹ ተመልሰው ይሰፋሉ፤ ፊት ይነዳል፣ መግል የያዙ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ። የተቀባችው ሴት ደንግጣ ቅባቱን ትመልሳለች፣ በአንድ ቀን ይሻላታል። እንዲህ እያለ አዙሪት ይሆናል።

በከተሞቻችን ፊት የሚያጠራ ወይም የሚያቀላ እየተባለ ከሚሸጠው ውስጥ ይኸው ነገር የሚገኝበት ብዙ ነው። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ በትንሽ ጣሳ ተቀይጦ የሚሸጠው ላይ ምንም አይጻፍበትም። መለያው ባሕርይው ነው። በሦስት አራት ቀን ፊትን የሚያጠራ፣ ሁለት ቀን ሲተዉት የሚያነድ፣ ውሎ አድሮ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ሥሮችንና ለስላሳ ፀጉርን የሚያበቅል ቅባት ስቴሮይድ እንዳለበት ጠርጥሩ። ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ጊዜ ከማቆም ይልቅ ሐኪም እያየው ኃይሉን እያሳነሰ፣ ቀናቱን እያራራቀ ቢወጣ ስቃዩ ይቀንስለታል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ቆዳው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ለተቆጣ ፊት የሚስማማው ነገር ትንሽና ርካሽ ነው። ጠዋት በውኃ ብቻ፣ ማታ አንድ ጊዜ ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ መታጠብ ይበቃል። ተራው የገላ ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፤ የጤነኛ ቆዳ ተፈጥሮ ወደ ኮምጣጣ ያደላል፣ ሳሙናው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለስላሳው ማጠቢያ ካልተገኘ ሽታ የሌለውን የሕፃን ሳሙና በጥቂቱ እጅ ላይ አረፋ አድርጎ፣ ፊትን ሳይፈትጉ ማለቅለቅ ይሻላል። ውኃው የማይሞቅ፣ ፎጣውም የሚነካ እንጂ የማይፈገፍግ ይሁን። ፊቱ ገና እርጥብ ሳለ ማለስለሻ ይቀባል። ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን ሳይበረዝ ይቆጠቁጣል፤ አንድ እጁን በአራት እጅ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ፣ የየዕለቱን በየዕለቱ እያዘጋጁ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በላዩም ሽታና ቀለም የሌለው ቫዝሊን እጅግ ስስ አድርጎ መደረብ ይቻላል። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ መንጋጋ ሥር ባለች ትንሽ ቦታ አራት አምስት ማታ ይሞከር። ሎሚ፣ እርድ፣ የፊት መፈተጊያ፣ ሽቶ፣ አልኮል ያለበት ማጽጃ፣ ካምፎርና ሚንት ያለበት ቅባት ለዚህ ፊት አይሆኑም። እሬትን የሚያወድሱ ብዙ ናቸው፤ ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ግን ራሱ ያሳክካል።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተገኘ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ ነው። ነጭ ሆኖ መታየቱ ጠይም ፊት ላይ ያስጠላል፤ ቡናማ ቀለም የተቀየጠበት ይሻላል፣ ዋጋው ግን ብዙዎች የሚችሉት አይደለም። ለማይችለው ሰው ጃንጥላና ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ከማይደገም ቅባት ይበልጣሉ። ነጠላ ሳስቶ የተሸመነ ስለሆነ ጨረሩን ያሳልፋል፤ አጥፎ መደረብ ነው።

አሁን ማስታወሻው እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። ቡሬ ውስጥ የምትኖር፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት እንበል። ከላይ የተባለውን የማጥሪያ ቅባት ትታ ሦስት ወር ሆኗታል፤ ፊቷ ግን አሁንም ይግላል። በልጇ ደብተር ላይ ማታ ማታ አንድ መስመር ትጽፋለች። ግለቱ የመጣበትን ሰዓት፣ የነበረችበትን ቦታ፣ እሳት ወይም ፀሐይ ፊት ስንት ጊዜ እንደቆየች፣ የበላችውንና የጠጣችውን ከነትኩሳቱ፣ የነካችውን ነገር፣ የግለቱንም ልክ ትመዘግባለች። ልኩ ከዜሮ እስከ ሦስት ነው፤ ዜሮ ምንም፣ አንድ ሞቅ ያለ፣ ሁለት የሚነድ፣ ሦስት እንቅልፍ የሚነሳ። የበሉትና የጠጡት ነገር ግለት የሚያመጣው ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የፀሐይ ግን ማታ ወይም በማግስቱ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የትናንቱን ፀሐይ ሳትጽፍ የዛሬውን ምሳ ብትከስ ትሳሳታለች። ግለት ያልመጣባቸው ቀናትም መጻፍ አለባቸው፤ ሽሮ በልታ ምንም ያልሆነችበትን ቀን ካልጻፈች ሽሮው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ይሆናል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩ እንዲህ ቢያሳይ፦ የምትጋግርበት ሰኞና ሐሙስ ሦስት፤ ራሷ ቡና ያፈላችባቸው ቀናት ሁለት፤ ጎረቤት ጠጥታ የመጣችባቸው ቀናት ዜሮ ወይም አንድ፤ በርበሬ በወቀጠችበት ቀን ሁለት፣ ያውም በብዛት አፍንጫዋና የዓይኗ ዙሪያ። ሽሮ የበላችባቸው ቀናት ግን የተቀላቀሉ ናቸው። ከዚህ ተነስታ አንድ በአንድ ትፈትናለች። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ሌላውን ሳትነካ የቡና አፈላሏን ብቻ ትለውጣለች፤ ከሰሉን ከፊቷ ወደ ጎኗ ታዞራለች፣ ሲኒውን አምስት ደቂቃ ታቆያለች። ግለቱ ከሁለት ወደ ዜሮ ቢወርድ ቡናዋን መተው እንደማያስፈልጋት ታውቃለች። ቀጥሎ የሽሮውን ትኩሳት፣ ቀጥሎ የጋገራውን ቦታ። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ከለወጠች ግን የረዳት የቱ እንደሆነ ፈጽሞ አታውቀውም። ቡና፣ በርበሬና ሥጋ በአንድ ቀን የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ በወሩ ሁሉንም የሚመልሰው ለዚህ ነው።

የበርበሬው ውቀጣ የተለየ ነገር አለው። እዚያ ላይ የሚያቃጥላት የበላችው ሳይሆን ብናኙና እጇ ነው። ካፕሳይሲን በውኃ አይለቅም፤ በዘይት ነው የሚለቀው። እጇን ቀድማ በትንሽ የምግብ ዘይት አሽታ ጠርጋ፣ ከዚያ በሳሙና ታጥባ ካልሆነ ፊቷን መንካት የለባትም። ነፋስ ወደሚወስድበት ፊቷን አዙራ መሥራትና አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ልዩነት ያመጣል። ግለቱ ሲነሳም ቀዝቃዛ ውኃ ቀስ እያሉ አፍ ውስጥ ማቆየት ይረዳል፤ ፊት ላይ በረዶ መለጠፍ ግን ቆዳውን ይበልጥ ያስቆጣል።

ደብተሩ የማይፈታውም አለ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ፊቱን ሊያግለው ይችላል። ወር አበባዋ እየራቀ የሄደ ሴትም ያለ ምንም ማጋያ ትግላለች፤ ያኔ ላብም ይጨመርበታል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ ደብተሩን ለሐኪሙ ማሳየት ነው። ማጋያዎቹ ሁሉ ተለይተውም እብጠቶቹ ካልጠፉ ማስታወሻው ሥራውን ጨርሷል፣ የመድኃኒት ተራ ነው ማለት ነው። ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ ለዚህ የተፈቀደው 0.75 በመቶ የሜትሮኒዳዞል ጄል ለብዙዎች ይሠራል፤ ውጤቱ የሚታየው ግን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ተቀብቶ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚዋጠውም አለ፤ ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ስለሚያደርግ ያለ ጃንጥላ አይወሰድም፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ሌላው አይቨርሜክቲን ነው፤ በመተከልና በሌሎች የምዕራብ ቆላዎች ለወንዝ ዓይነ ስውርነት በዘመቻ የሚታደለው። ለሮዛሺያ የተፈቀደው ግን በ2014 የወጣው 1 በመቶ ክሬም ነው። የዘመቻውን ኪኒን ፈጭቶ ፊት ላይ መቀባት ቆዳውን ከማቁሰል በቀር የታወቀ ጥቅም የለውም።

ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ደብተሯን፣ የምትወስዳቸውን ኪኒኖችና የተቀባችውን ቅባት ከነቱቦው ወይም ከነጣሳው ይዛ ብትሄድ ሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ይቀርለታል። በስልክ ፎቶ የምታነሳ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ ይሁን፤ አንዱ ፊቷ በጋለበት፣ ሌላው በረጋበት ቀን። ለሕክምና የምትሄድበት ቀን ብዙ ጊዜ ፊቷ ደህና የሚሆንበት ቀን ነውና።